የትኛዋ አህያ ናት የምትወርደው?

የእህቴ ልጅ ተረት ካልሰማች አትተኛም። እናቷ ሥራ ስታመሽ ደግሞ ተረኛው እኔ ነኝ። የእመት ጦጢትን ተንኮልና የአያ ጅቦን ሞኝነት ደጋግሜ ጨርሼዋለሁ። አንድ ማታ የምለው ሲጠፋኝ ከገዛ ሙያዬ ተረት ፈጠርኩ። የምተዳደረው ሥዕል በማንቀሳቀስ ነው። ለማስታወቂያ፣ ለልጆች ትምህርት፣ አንዳንዴም ለዘፈን ክሊፕ እሠራለሁ።

"ተረት ተረት" አልኳት።

"የላም በረት።"

"አንዲት ወጣት አኒሜተር ነበረች። አራት ኪሎ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ቀን ስትሥል ትውላለች። ማታ እርሳሷን አስቀምጣ ስትተኛ፣ የሣለቻት አህያ ነፍስ ትዘራና ከወረቀቱ ላይ ትወርዳለች..."

"የትኛዋ?" አለችኝ።

"አህያዋ ናታ!"

"የትኛዋ አህያ? ብዙ ናቸው እኮ።"

ልጅቷ እውነቷን ነው። ስሠራ አጠገቤ ትቀመጣለች። ዛሬም ቢሆን የመጀመሪያውን ረቂቅ በወረቀት ነው የምሠራው። ወረቀቱ ከግርጌው ተበስቶ ጠረጴዛው ላይ ባሉ ትንንሽ ችካሎች ላይ ይሰካል። ስለዚህ ንቅንቅ አይልም። ከሥሩ መስታወት፣ ከመስታወቱ ሥር ደግሞ መብራት አለ። መብራቱ የበፊቱን ሥዕል ስለሚያሳየኝ አዲሱን ከሱ ትንሽ አዛንፌ እሥላለሁ። እሷ የምትወደው ሲያልቅ ወረቀቶቹን በጣቷ ይዛ ፈርርር ማድረግ ነው። አንድ አህያ ማለት አንድ ጥራዝ ወረቀት መሆኑን ከብዙ ትልቅ ሰው በተሻለ ታውቃለች።

ያን ማታ "ዋናዋ ናት የምትወርደው" ብዬ አለፍኩት። ተረቱም እንደምንም አለቀ። ጥያቄው ግን አላለቀም። ስንት ጊዜ "ሥዕሉ ነፍስ ዘራ" እያልን በዚህ ሙያ ስናወራ ኖረናል። የትኛው ሥዕል እንደሆነ የጠየቀኝ ሰው ግን አልነበረም።

12ቱም ቢወርዱስ?

እስቲ ሁሉም ይውረዱ እንበል። ለአንድ ሙሉ እርምጃ የሣልኳት አህያ 12 ወረቀት ላይ ናት። የልጅቷ አኒሜተር ስትነቃ ጠባቧ ክፍል ውስጥ 12 አህያ ተሰልፎ ታገኛለች። አንዷ የኋላ እግሯን መሬት ልታስነካ ትንሽ ቀርቷታል። ቀጥላ ያለችው አስነክታለች። ሌላዋ ጆሮዋን ወደ ኋላ ጥላለች። ሁሉም ደርቀው ቆመዋል። ይህ ነፍስ መዝራት አይደለም፤ የሐውልት መጋዘን ነው።

አንዷ ብቻ ትውረድ ካልን ደግሞ የባሰ ነው። እግሯን አንሥታ መልሳ ማሳረፍ የማትችል አህያ ትሆናለች። ምክንያቱም ማሳረፊያው ያለው ሌላው ወረቀት ላይ ነው።

ታዲያ ስትራመድ ያየናት አህያ የት ነበረች? በየትኛውም ወረቀት ላይ የለችም። ካናዳ ውስጥ ብዙ ዓመት የሠራው ኖርማን ማክላረን፣ በአንዱ ፍሬም፣ ማለትም በአንዱ የፊልም ምስል፣ እና በሚቀጥለው መካከል የሚሆነው ነገር በፍሬሙ ላይ ካለው ይበልጣል ይል ነበር። ተማሪ ሳለሁ ይህ አባባል ለማማር የተባለ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግን የጠረጴዛ ላይ ሥራ ነው፣ በሚሊሜትር የሚለካ። ሁለት ሥዕሎችን አቀራርበህ ብትሥል እንቅስቃሴው ይዘገያል። አራርቀህ ብትሥል ይፈጥናል። መጀመሪያ አቀራርበህ፣ መሐል ላይ አራርቀህ፣ መጨረሻ ላይ መልሰህ ብታቀራርብ፣ ነገሩ ከቆመበት ተነሥቶ፣ ሄዶ፣ ክብደቱን ይዞ ያርፋል። ሦስቱም ላይ የአህያዋ መልክ አንድ ነው። የተለወጠው ክፍተቱ ብቻ ነው።

"ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" እንላለን። ለሌላው ሰው የትዕግሥት ምክር ነው፤ ለእኛ የሥራ ትእዛዝ ነው። እንቁላሉ አንድ ሥዕል ነው። በእግሯ የቆመችው ጫጩት ሌላ ሥዕል ናት። እነዚህን ሁለት ጫፎች ኪ እንላቸዋለን፤ ዋናው አኒሜተር የሚሥላቸው ናቸው። "ቀስ በቀስ" የሚለው ደግሞ ኢንቢትዊን ነው፤ መሐሉን የሚሞላው። ድሮ በትልልቅ ስቱዲዮዎች ኪውን ስሙ የሚጠራው ሰው ይሥልና መሐሉን ለጀማሪዎች ያወርድላቸው ነበር። የልጅቷ ጥያቄ ከገባኝ በኋላ ይህ ክፍፍል ትንሽ አስቆኛል። ነፍሱን የሚዘሩት ጀማሪዎቹ ነበሩ ማለት ነው።

የማትደርሰው አህያ

በሚቀጥለው ተራዬ ተረቱን አስተካክዬ መጣሁ። "ሁሉም ይወርዳሉ" አልኳት፤ "ግን ተራ በተራ። አንዷ ስትመጣ የበፊቷ ትጠፋለች። በጣም ፈጣን ስለሆነ አኒሜተሯ የምታየው አንዲት አህያ ስትራመድ ብቻ ነው።"

"12ቱ ሲያልቁስ?"

"እንደገና ከአንድ ይጀምራሉ።"

"ታዲያ መቼ ነው የምትደርሰው?"

አትደርስም። ይህንንም መመለስ ነበረብኝ። ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም ያሳያል። አንድ ሥዕል ለሁለት ፍሬም ስለምናቆየው ለአንድ ሰከንድ 12 ሥዕል ይበቃል። 12 ወረቀት ያላት አህያ ዕድሜዋ አንድ ሰከንድ ነው። አንድ ሌሊት ሙሉ፣ 8 ሰዓት፣ ያለ ድግግሞሽ ትኑር ብንል 345,600 ሥዕል ያስፈልጋታል። ማንም አይሥለውም። ስለዚህ አንዷን ሰከንድ እናዞራታለን፤ ሉፕ የምንለው ይህ ነው። የተረቱ አህያም ሌሊቱን ሙሉ ግድግዳው ላይ ትራመዳለች፣ ካለችበት ግን ፈቀቅ አትልም። ልጅቷ ስትሰማ ከልቧ አዘነች። እኔ በበኩሌ የተረቱን ችግር ያገኘሁት እዚህ ላይ ነው። ተረት ችግር ካልገጠመው ደግሞ ተረት አይሆንም።

አህያዋ አኒሜተሯን ቀሰቀሰቻት። ሁለት ስሞታ ነበራት። የመጀመሪያው "በየዙሩ አንድ ጊዜ ታስነክሽኛለሽ" የሚል ነው። ይህ ከእውነተኛው ጠረጴዛ የተወሰደ ነው። አህያ ዝግ ብላ ስትራመድ አራት እግሮቿ በየተራ ነው የሚያርፉት። ግራ ኋላ፣ ግራ ፊት፣ ቀኝ ኋላ፣ ቀኝ ፊት። በ12 ሥዕል ሲከፈል በየሦስት ሥዕሉ አንድ እግር መሬት ይነካል ማለት ነው። በ1ኛው፣ በ4ኛው፣ በ7ኛውና በ10ኛው። ከ12ኛው በኋላ ቀጥታ ወደ 1ኛው ትመለሳለች። ጀማሪ ግን ዙሩን ለመዝጋት ብሎ ከ1ኛው ጋር አንድ ዓይነት የሆነ 13ኛ ይሥላል። ያኔ አንዱ አቋም ሁለት ጊዜ ይታያል። በዓይን የሚያዘው ስህተት በጣም ትንሽ ነው። አህያዋ ግን በየዙሩ አንዴ ቅጭት ትላለች። መፍትሔው መጨመር አይደለም፤ 13ኛውን ወረቀት መጣል ነው። አኒሜተሯም ቀዳ ወደ ቅርጫቱ ወረወረችው።

ሁለተኛው ስሞታ "መሬቱ ያዳልጠኛል" የሚል ነበር። ሉፕ ላይ አህያዋ ባለችበት ናት፤ ወደ ኋላ የሚሄደው መሬቱ ነው። መሬት የነካ እግር ከመሬቱ ጋር እኩል ወደ ኋላ መሄድ አለበት። መሬቱ በየሥዕሉ 8 ሚሊሜትር ከሄደ፣ ያረፈው እግርም 8፣ አሁንም 8፣ እስኪነሣ ድረስ 8። እዚህ ላይ ማቀራረብና ማራራቅ የሚባል ጨዋታ የለም። አንዱ ቦታ 8፣ አንዱ ቦታ 6 ከሆነ አህያዋ ሳሙና ላይ የቆመች ትመስላለች። የተነሣው እግር ግን ነፃ ነው። አየር ላይ የሚቆየው መሬት ላይ ከሚቆየው ስለሚያንስ፣ ያንኑ ርቀት በጥቂት ሥዕል ለመመለስ ወደፊት ይወረወራል። የልጆች ፊልም ስታዩ እግር እግሩን ተመልከቱ። በችኮላ የተሠራውን በአንድ እይታ ትለዩታላችሁ።

ስሞታዎቹ ከተፈቱ በኋላ አህያዋ አንድ ነገር ለመነች። "አሁን መቆሚያ ሣዪልኝ።"

መቆም ከመራመድ ይከብዳል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ አያምነኝም። የምትቆም አህያ ሁሉ ነገሯ እኩል አይቆምም። መጀመሪያ እግሮቿ ይቆማሉ። ራሷ ትንሽ አልፎ ይሄድና ይመለሳል። ጆሮዎቿ ከራሷ ሁለት ሥዕል ያህል ዘግይተው ይደርሳሉ። ጅራቷ ከሁሉም በኋላ ነው። ሁሉንም በአንድ ሥዕል ላይ ካቆምካቸው ገመድ የያዛት ትመስላለች። ከቆመች በኋላ ደግሞ ያንኑ አንድ ወረቀት ዝም ብሎ ማሳየት አይቻልም። እስካሁን ስትንቀሳቀስ የነበረች አህያ ሰከንድ ሙሉ ካልተነቃነቀች ተመልካቹ ሞተች ይላል። ቢያንስ ዓይኗን ማርገብገብ አለባት። ለመክደን ሁለት ሥዕል፣ የተከደነ አንድ፣ ለመክፈት ሦስት። መክፈቻው ከመክደኛው ዘገም ካላለ ዓይን ሳይሆን የካሜራ መዝጊያ ነው የሚመስለው።

አያ ጅቦ በሦስት ሥዕል

"ጅቡስ?" አለች ልጅቷ። አህያ ባለበት ተረት ጅብ መቅረት አይችልም።

ጅቡን አኒሜተሯ ጀምራው እንቅልፍ ጣላት አልኩ። ያለው በሦስት ኪ ብቻ ነው። አንደኛው ሥዕል ላይ አያ ጅቦ ቆሟል። የጀርባው አቀማመጥ እንደምታውቁት ቁልቁለት ነው፤ የኋላ እግሮቹ ከፊቶቹ ያጥራሉ። ሁለተኛው ላይ አንገቱን ወደ አህያዋ ዘርግቷል። ሦስተኛው ላይ አፉ እስከ ጥግ ተከፍቷል። አራተኛው፣ አፉን ዘግቶ የነከሰበት፣ ገና አልተሣለም።

ይህ ጅብ ሲወርድ መሐል የለውም። ቆሞ ታየዋለህ፤ ከዚያ ያለ ምንም መንገድ አንገቱ አህያዋ ጋ ነው። ከዚያ አፉ ክፍት ነው። ስናገር ለራሴም ሰቀጠጠኝ። ከተሟላ እንቅስቃሴ ይልቅ መሐሉ የጎደለ እንቅስቃሴ ያስፈራል። ዓይናችን ክፍተቱን በራሱ ይሞላል፤ የሚሞላውም በክፉው ነው። ልጅቷ እጄን ጥርቅም አድርጋ ያዘች። ለመኝታ ሰዓት እንዲህ ያለ ነገር እንደማይመከር እናቷ በኋላ ነግራኛለች።

ጅቡ ግን እዚያው ቀረ። አፉን ከፍቶ አንድ ክንድ ያህል ርቀት ላይ ቆመ። የመንከሻው ሥዕል የለማ! "የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም" ይባላል። ይቺን አህያ ያስጣላት ያልተሣለ ወረቀት ነው። ልጅቷ ተነሥታ ተቀመጠችና ፍርድ ሰጠች። "በቃ አትሣለው።"

"አፉን ከፍቶ እስኪነጋ ይቁም?"

ይህም አላስደሰታትም። ጅቡም ያሳዝናል። እዚህ ላይ ሙያዬ ደረሰልኝ። በሙያው ውስጥ የታወቀ መልመጃ አለ። ሁለት ራስ ይሣላል፤ አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ የሚያይ። መሐላቸው ምንም ሥዕል ከሌለ ሰውዬው ፊቱን የተመታ ይመስላል። ጥቂት ከጨመርክ "አይሆንም" ያለ ይመስላል። ብዙ ከጨመርክ አንገቱን አሞት የሚያፍታታ ይሆናል። ጫፎቹ አልተነኩም፤ ትርጉሙን የሚሰጠው በመሐል ያለው ብዛት ነው።

ስለዚህ የጅቡ የተከፈተ አፍ መንከስ መሆኑ ገና አልተወሰነም። አፉ በሁለት ሥዕል ከተከፈተ ይነክሳል። በስምንት ሥዕል ቀስ እያለ ከተከፈተ፣ በዚያው መጠን ዓይኖቹ እየጠበቡ ከሄዱ፣ ጆሮዎቹም ወደ ኋላ ከተኙ፣ ያ ማዛጋት ነው። ሦስተኛው ወረቀት ላይ ያለ ጥርስ አንድም አይለወጥም። አኒሜተሯ በአህያዋ ጩኸት ተነሣች። መብራቱን አበራች። በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ስምንት ወረቀት ሰካች።

ይህን በማግስቱ በእውነተኛ እርሳስ ሞከርኩት። መጀመሪያ ላይ ጅቡ የሚያዛጋ ሳይሆን የሚዘፍን መሰለ። ችግሩ ክፍተቱ ላይ ነበር። ስምንቱን እኩል እኩል አራርቄያቸዋለሁ። ማዛጋት ግን እኩል አይሄድም። ሲጀምር ይጎተታል፤ መሐል ላይ ያመልጥሃል፤ ጫፉ ላይ ይንጠለጠላል። የመጨረሻዎቹን ሦስቱን አቀራርቤ መልሼ ስሥላቸው ጅቡ አዛጋ። ልጅቷ ወረቀቶቹን ፈርርር አድርጋ አይታ እሷም አዛጋች። ከዚህ የተሻለ የጥራት ፍተሻ እስካሁን አላየሁም።

የሚዞር እንቅልፍ

ካዛጋ በኋላ ጅቡ ይተኛል። አህያዋም ቆማ ታንቀላፋለች፤ አህያ እንደዚያ ነው። ያ ሁሉ የ345,600 ሥዕል ጣጣ የሚፈታው እዚህ ጋ ነው። አንድ ሰከንድ መራመድ ሌሊቱን ሙሉ ሲዞር እርግማን ይመስላል። መተንፈስ ግን በባሕሪው ዙር ነው። አንድ ትንፋሽ ደጋግሞ ቢያሳዩን ማንም ተደገመ ብሎ አይቆጣም። አሜሪካዊው ዊንዞር ማኬይ እ.ኤ.አ. በ1914 ያቀረበው ገርቲ የተባለ የዳይኖሰር ፊልም አለው። ገርቲ ቆማ ስትተነፍስ ለመሣል የራሱን ትንፋሽ በሰዓት እየለካ ነበር የሠራው። በዚያ ዘመን ያንን ያስተማረው ሰው አልነበረም።

እኔም በማኬይ መንገድ ሄድኩ። የተኛ ሰው ትንፋሽ በግርድፉ 4 ሰከንድ ነው፤ ለጅቡም ሰጠሁት። መግባቱ አጠር፣ መውጣቱ ዘለግ፣ ከወጣ በኋላ ደግሞ ትንሽ ዕረፍት። እንቅስቃሴው ዝግ ያለ ስለሆነ አንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም ሳይሆን ለአራት ፍሬም ማቆየት ይቻላል። 24 ወረቀት ብቻ ይበቃል ማለት ነው። ሲሠራ የሚያሳስበው የመጠኑ ጉዳይ ነው። ደረቱ ከፍ ሲል ከ3 ሚሊሜትር በላይ ካለፈ የተኛ ጅብ ሳይሆን ሮጦ የመጣ ጅብ ይሆናል። መስመሩም ከወረቀት ወረቀት መንቀጥቀጥ የለበትም። ሲሮጥ የማይታይ የእጅ መንቀጥቀጥ ሲተኛ ጉልህ ሆኖ ይወጣል።

አየችው። ዝም ብላ ደጋግማ አየችው። ከዚያ "አንድ ዓይነት ነው" አለች። ትንፋሹ አይደለም ያስነቃብኝ፤ ጆሮው ነው። ጅቡ ዝንብ እንዳረፈበት ጆሮውን እንዲያርገበግብ አድርጌ ነበር። ትንፋሽ በወጣ ቁጥር ጆሮ፣ ትንፋሽ በወጣ ቁጥር ጆሮ። እዚያ ላይ ማሽን ሆኗል።

ስለዚህ ጆሮውን ከአካሉ ለይቼ በሌላ ወረቀት ሣልኩት፤ ላፕቶፑ ላይ ሌላ ሌየር አደረግሁት። ትንፋሹ በየ4 ሰከንዱ ይዞራል። ጆሮው በየ7 ሰከንዱ። ሁለቱ እንደገና በአንድ ላይ የሚገጥሙት ከ28 ሰከንድ በኋላ ነው። በዚህ መሐል ጆሮው አንዴ ትንፋሽ ሲያስገባ፣ አንዴ ሲያስወጣ፣ አንዴ ዕረፍቱ ላይ ይርገበገባል። ተመልካች ደግሞ ለ28 ሰከንድ አንድ የተኛ ጅብ ላይ አፍጥጦ አይቆጥርም። ልጅቷ ግን ልትሞክር ትችላለች። በጣቷ እየቆጠረች ጀምራለች፤ እስካሁን አልያዘችኝም።